«ሊራዘም የሚችል» ማለት ስንት ወር ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጅማ ነው ያለሁት። በቡና ፍሬ በሽታ ላይ ፒኤችዲዬን ዘንድሮ ጨረስኩ። ከአውሮፓ አንድ ላብራቶሪ የአንድ ዓመት ፖስትዶክ፣ ‹ሊራዘም የሚችል›፣ ብለው ጽፈውልኛል፤ ደብዳቤውን አያይዤዋለሁ። እዚህ ደግሞ አንድ ፕሮጀክት ላብራቶሪ ውስጥ በሪሰርች አሲስታንትነት ለሁለት ዓመት ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። የአውሮፓው ፕሮፌሰር ስመ ጥር ነው፣ ግን በአካል አላውቀውም። አንድ ዓመቱ እውነት ይራዘማል? ሰውየውንስ በምን ልመዝነው? ሌላ ቦታስ እንዴት ልፈልግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከደብዳቤው ግርጌ እንጀምር። እዚያ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር አለ። የግራንቱ፣ ማለትም ለፕሮጀክቱ የተሰጠው የምርምር ገንዘብ፣ ቁጥር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በምርምር ፕሮግራሞቹ ገንዘብ የሚሰጣቸው ፕሮጀክቶች cordis.europa.eu ላይ ተመዝግበዋል፤ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። ቁጥሩን አስገባሁት። Start date ከሚለው ጎን ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2023 ይላል፣ End date ከሚለው ጎን ጃንዋሪ 31 ቀን 2028። አንቺ እንድትጀምሪ የጠየቁሽ ኦክቶበር 1 ቀን 2026 ነው። በጣትሽ ቁጠሪው፤ አሥራ ስድስት ወር ይመጣል።

እንግዲህ በዚህ ገንዘብ ቢበዛ የሚራዘመው አራት ወር ነው። ፕሮፌሰሩ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። «ሊራዘም የሚችል» ሲሉ አንዳንዱ «ገንዘቡ በእጄ ነው፣ ግን መጀመሪያ ልይሽ» ማለቱ ነው። አንዳንዱ «ሌላ ግራንት አስገብቻለሁ፣ ከተሳካ» ማለቱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የሰጠውን ቅጽ እንዳለ መቅዳቱ ነው። ሦስቱም የሚጽፉት አንድ ዓይነት ቃል ነው። የሚለያያቸው የገንዘቡ ማብቂያ ቀን ብቻ ነው።

ሌላ ደብዳቤ ሲደርስሽም እንዲሁ አድርጊ። የአሜሪካ የጤና ምርምር ገንዘብ ከሆነ reporter.nih.gov፣ የእንግሊዝ ከሆነ gtr.ukri.org፣ የጀርመን የምርምር ፋውንዴሽን ከሆነ gepris.dfg.de ላይ በፕሮፌሰሩ ስም ፈልጊ። ቁጥሩ ደብዳቤው ላይ ከሌለ የላቡን የቅርብ ጊዜ ፔፐር ክፈችና መጨረሻው ላይ ያለውን የምስጋና አንቀጽ አንብቢ። ማን እንደከፈለ እዚያ ይጽፋሉ። የፕሮጀክት ጊዜ አንዳንዴ እንደሚገፋ እወቂ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቀኑ ነው እንጂ ብሩ አይጨመርም። የቀረች ሳንቲም ካለች ነው ደመወዝ የሚሆነው።

አሁን ያልጠየቅሽውን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ፕሮጀክቱ የአምስት ዓመት ነው። ለምን አራተኛው ዓመት ላይ ፖስትዶክ ይፈልጋሉ? ብዙ ጊዜ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሥራው በዕቅድ ለመጨረሻው ምዕራፍ የተቀመጠ ነው፣ ወይ ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ጥሎ ሄዷል። ይህንን ለማየት web.archive.org ላይ የላቡን የአባላት ገጽ አድራሻ አስገቢ። የድሮ ገጾችን እንደነበሩ ያስቀምጣል። የ2023ቱን ገጽ ከዛሬው ጋር አስተያየሁት። ያኔ ሁለት ፖስትዶኮች ነበሩ፤ ዛሬ አንዳቸውም የሉም። አንደኛዋ በዚሁ ላብ ሁለት ፔፐር በቀዳሚ ጸሐፊነት አውጥታ አሁን ሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆናለች። ሁለተኛው ከዓመት በኋላ ከገጹ ጠፍቷል፤ ከዚያ ላብ በቀዳሚነት የወጣ ሥራም የለውም። ከሁለቱ ይበልጥ የምትፈልጊው ሰው ሁለተኛው ነው። ስለሱ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አሥራ ስድስቱ ወር የት የት እንደሚሄድ እንይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ቤት ፍለጋና የላብ ደህንነት ሥልጠና ናቸው። የመጨረሻዎቹ አራትና አምስት ወራት ደግሞ፣ ወደድሽም ጠላሽም፣ ሌላ ሥራ ፍለጋ ናቸው። መሐል የሚቀረው ዘጠኝና አሥር ወር ነው። አንድ ፔፐር ይወጣዋል፤ ናሙናው እጃቸው ላይ ካለ ብቻ።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ደብዳቤው «ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ አይሶሌቶችን ጂኖም ማወዳደር» ይላል። አይሶሌቱ፣ ማለትም ከታመመ ቡና ተለይቶ የተያዘው የፈንገስ ናሙና፣ የማን ነው? እነሱ ጋ ከሌለ የሚጠብቁት አንቺ ፍሪዘር ውስጥ ያለውን ነው። አንቺ ደግሞ ያንን ፈንገስ በሻንጣሽ ይዘሽ አትሄጂም። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱ የጄኔቲክ ሀብት ከአገር የሚወጣው በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው። ደቂቅ ዘአካላትም እዚያ ውስጥ ናቸው። ተቀባዩ አገርም በበኩሉ ሕይወት ያለው የተክል በሽታ አምጪ ለማስገባት የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል። «ዲኤንኤውን ብቻ ብልክስ?» የሚሉ አሉ። ዲኤንኤ በሽታ ስለማያስተላልፍ የዚያኛውን አገር በር ያቀለዋል። የእኛ አዋጅ ግን የሚያየው የጄኔቲክ ሀብቱን ስለሆነ የዚህኛው በር እንዳለ ይቆያል። ሁለቱ ተቋማት ስምምነቱን ጽፈው፣ አስተካክለው፣ ፈርመው እስኪጨርሱ ወራት ይሄዳሉ። ይህ ሩጫ ከጅማ ከመነሳትሽ በፊት ካልተጀመረ ከዘጠኙ ወር ላይ ነው የሚቆረጠው።

ስለዚህ ፕሮፌሰሩን ጠይቂው፦ ናሙናው የት ነው ያለው? ፈቃዱስ በማን ስም ተጠይቋል? «አንቺ ስትመጪ እናየዋለን» ካለሽ አሥራ ስድስት ወርሽ ወደ ስምንት ወርዷል ብለሽ አስቢ።

ቀጥሎ ሰውየው። «ስመ ጥር ነው» ብለሻል። ስሙ የሚነግርሽ እሱ ለራሱ ምን እንደሠራ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ግን ከሱ ጋር የሠሩት ሰዎች ምን እንደሆኑ ነው። ጉግል ስኮላር ላይ ገብተሽ ሥራዎቹን በዓመት ደርድሪና ስሙ መጨረሻ ላይ የሆነባቸውን ብቻ ለዪ። በእኛ ዘርፍ የላቡ ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ስሞች በወረቀት ጻፊ። የስድስት ዓመቱን እኔ ጻፍኩት፤ አሥራ አራት ፔፐር አለ። ዘጠኙ በራሱ የፒኤችዲ ተማሪዎች፣ አራቱ በፖስትዶኮች፣ አንዱ በራሱ ስም ነው። ይህ ጤናማ ነው። ተማሪዎቹ በስማቸው ያወጣሉ፣ እሱም ፊት አልተደነቀረም።

ግን አንድ ሌላ ነገር አየሁ። ከኢትዮጵያና ከኡጋንዳ በተሰበሰበ ናሙና የተሠሩ አምስት ፔፐሮች አሉ። ናሙናውን የሰበሰቡት የየአገሩ ሰዎች በአምስቱም ውስጥ ስማቸው መሐል ላይ ነው፤ አራተኛ፣ ስድስተኛ። አንዱም ቀዳሚ አይደለም። ወንጀል አይደለም። ነገር ግን አንቺ ናሙናውን ይዘሽ የምትሄጂ ሰው ስለሆንሽ ቀዳሚ ጸሐፊነትሽ በቃል ሳይሆን በኢሜይል ተጽፎ መቀመጥ አለበት። pubpeer.com ላይም ስሙን ፈልጊ፤ በፔፐሮቹ ምስሎችና ቁጥሮች ላይ ሰዎች ያነሱት ጥያቄ ካለ እዚያ ይገኛል። እኔ ሳየው ምንም አልነበረም።

የቀድሞ አባላቱን ማነጋገር ቀርቷል። እዚህ ላይ ብዙ የእኛ ልጆች ይሳሳታሉ። «ፕሮፌሰሩ እንዴት ነው?» ብለው በኢሜይል ይጽፋሉ። ማን ነው በጽሑፍ «መጥፎ ነው» የሚል? ሐበሻ ከሆነማ ይሉኝታ አለ፤ «በጣም ጥሩ ሰው ነው፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ» ይልሻል። ፈረንጁም የድጋፍ ደብዳቤ ገና ስለሚፈልግ ዝም ይላል። ስለዚህ በኢሜይል «የአሥር ደቂቃ የቪዲዮ ጥሪ» ብቻ ጠይቂ። ስታገኚያቸው ደግሞ አስተያየት ሳይሆን ነገር ጠይቂ። ረቂቅ ስትሰጠው ስንት ሳምንት ቆይቶ ይመልሳል? ውልሽ ሊያልቅ ስንት ወር ሲቀረው ነው ስለ ማራዘም የነገረሽ? በወር ስንቴ ለብቻችሁ ትገናኙ ነበር? ስትወጪ ያላለቀውን ሥራ ማን ጨረሰው፣ በማን ስምስ ወጣ? እነዚህ ቁጥርና ስም ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። ሰው ማማት ሳይመስለው ይመልሳቸዋል።

ከዓመት በኋላ ከገጹ የጠፋውንም ሰው ፈልጊው። የሄደበት ምክንያት ቤተሰብ ወይም የተሻለ ደመወዝ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። «ድጋሚ ዕድሉ ቢሰጥህ ትሄዳለህ?» በይውና ከመመለሱ በፊት ያለውን ዝምታ አዳምጪ።

የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ፖስትዶኬ ከአንድ በጣም ከሚታወቅ ሰው ጋር ነበር። ውሌ የአንድ ዓመት፣ «ሊራዘም የሚችል» ነበር፤ ልክ እንደ አንቺ። በአሥረኛው ወር ኮሪደር ላይ፣ የቡና ማሽኑ አጠገብ አገኘሁት። ጅማ ተወልጄ ያንን ማሽን ቡና ማለቴ ራሱ ኃጢአት ነው። የወረቀቷን ብርጭቆ እያነሳ «በነገራችን ላይ ግራንቱ ያልቃልኮ» አለኝ። ሌላ ምንም አልነበረም። በኋላ የክፍሉ ሒሳብ ሠራተኛ ስታዝንልኝ ነገረችኝ፦ የማብቂያው ቀን እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ኮምፒውተሯ ላይ ነበር። እኔ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ፕሮፌሰሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ዝርክርክ ነበር። ባዶ እጅ ለሚመለሰው ሰው ግን ልዩነት የለውም። ከዚያ ወዲህ ለሰው የምመክረው፣ ማብቂያውን ቀን ከፕሮፌሰሩ ሌላ ከአስተዳደሩም ጠይቂ የሚለውን ነው።

እግረ መንገድሽን ቅጥር ይሁን ስቲፔንድም ጠይቂ። ቅጥር ሲሆን የጤና መድን፣ ጡረታና ፈቃድ አብሮ ይመጣል። ስቲፔንድ ሲሆን ብዙ ቦታ እነዚህን ራስሽ ነሽ የምትሸፍኚው፤ ብዙ ጊዜ ግብር ስለሌለበት በእጅ የሚደርሰው ብዙ መስሎ ይታያል። የቪዛው ዓይነትም ይለያያል። «የራስሽን ገንዘብ ይዘሽ ነይ» ወይም «የማመልከቻ ክፍያ ላኪ» የሚል ከመጣ ግን ያ ሥራ አይደለም።

ወደ ጅማው ሥራ ልምጣ። ሁለት ዓመት የሚለው ቁጥር ደስ ይላል። ግን ያንኑ ጥያቄ እዚህም ጠይቂ፦ የዋናው ግራንት ማብቂያ መቼ ነው? ብዙ የአገር ውስጥ ፕሮጀክቶች ከውጭ ትልቅ ፕሮጀክት የተቆረሱ ናቸው። የውጪው ሲዘጋ ይዘጋሉ። ውሉ በቃል ሁለት ዓመት ተብሎ በወረቀት በየበጀት ዓመቱ የሚታደስ ከሆነ፣ ሰኔ 30 ሲመጣ ከሐምሌ ጀምሮ ደመወዝሽ እስኪከፈት የሚያልፈውን ጊዜ አስቢበት። ፒኤችዲ ይዘሽ «ሪሰርች አሲስታንት» መባልሽም ኋላ ሲቪሽ ላይ ጥያቄ ያመጣል። ደመወዙ ባይለወጥ እንኳ ስያሜው «ፖስትዶክ» ይሁንልኝ ብለሽ ጠይቂ። ለእነሱ ምንም አያስወጣቸውም።

የዚህኛው ትልቁ ጥቅም ላቡን በእግርሽ ሄደሽ ማየት መቻልሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ሳትይዢ ብቅ በይ። ከሁሉ በፊት ከዜሮ በታች የሰማንያ ዲግሪውን ፍሪዘር በር እዪ። እዚያ ላይ የተለጠፈ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት መኖር አለበት። ባለፈው ሳምንት ተሞልቷል? ከተሞላስ ቁጥሮቹ የተለያዩ ናቸው ወይስ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በአንድ እስክሪብቶ «-80፣ -80፣ -80» እያለ ነው የሞላው? መብራት በሚሄድበት ከተማ በሐቅ የተሞላ ወረቀት ላይ አንዳንድ -68 እና -71 ይታያል፤ ከጎኑም «ጀነሬተር ዘግይቷል» የምትል ማስታወሻ ትኖራለች። እንዲህ ያለች ማስታወሻ ካየሽ ደስ ይበልሽ። የሚጠብቅ ሰው አለ ማለት ነው። ቀጥለሽ ቴክኒሺያኑን «መጨረሻ የታዘዘው ሪኤጀንት ስንት ወር ፈጀ?» በይው። መልሱ ስምንት ወር ከሆነ የሁለት ዓመቱ ውል ሦስት ግዢ ነው።

ሌላ ቦታ ፍለጋ ላይ አንድ ምክር ብቻ አለኝ፤ ማስታወቂያውን ሳይሆን ገንዘቡን ተከተዪ። ማስታወቂያ euraxess.ec.europa.eu ላይ ሲወጣ አንቺና መቶ ሰው አብራችሁ ነው የምታዩት። ግራንቱ ግን ከማስታወቂያው በፊት መዝገብ ላይ ይወጣል። ኮርዲስና የእንግሊዙ መዝገብ ላይ የፈንገስሽን ስም Colletotrichum ወይም coffee ብለሽ ፈልጊና በቅርብ የጀመሩትን ብቻ ለዪ። አዲስ የተጀመረ ፕሮጀክት ሰው ገና አልቀጠረም፤ ጊዜውም ሙሉ ነው። ለኃላፊው አጭር ኢሜይል ጻፊ። ምን እንደምትሠሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከፕሮጀክቱ የትኛውን ክፍል እንደምትሠሪለት በአንድ፣ መቼ መጀመር እንደምትችዪ በአንድ። ሲቪውን አያይዢው።

ከዚያም ናሙናው ቀድሞ ያለበትን ቦታ አስቢ። ፖርቱጋል ኦየራስ የሚገኘው የቡና ዝገት ምርምር ማዕከል ከ1955 ጀምሮ የቡና በሽታዎችን ሲያጠና የኖረ ነው። የቡና ፍሬ በሽታን ፈንገስም ይሠሩበታል። እንግሊዝ ውስጥ ካቢ የተባለው ድርጅት የቆየ የፈንገስ ስብስብ አለው። ፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ደግሞ ሲራድ የተባለው የግብርና ምርምር ተቋም አለ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ፍሪዘራቸው ሙሉ ስለሆነ የአንቺን የፈቃድ ወረቀት ሲጠብቁ ወራት አያልፉም።

ስለ አውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ፖስትዶክ ፌሎሺፕም ላንሳ፤ ከዚህ ውሳኔ ጋር በቀጥታ ይነካካል። ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አራት ወር ይሰጣል፣ ለየትኛውም ዜጋ ክፍት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር ላይ ነው የሚዘጋው፣ ውጤቱም በቀጣዩ ፌብሩዋሪ አካባቢ ይታወቃል። ወጥመዱ የሚከተለው ነው። እስካሁን በነበረው ሕግ፣ ከመዝጊያው ቀን በፊት ባሉት ሠላሳ ስድስት ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከአሥራ ሁለት ወር በላይ የኖረ ሰው ለዚያ አገር ማመልከት አይችልም። ኦክቶበር 2026 ከገባሽ በሴፕቴምበር 2027 ገና አሥራ አንድ ወርሽ ነው፤ ትችያለሽ። በ2028 ግን በሩ ተዘግቷል። እንዲያውም ከመሄድሽ በፊት፣ ሴፕቴምበር 2026 ላይ ከዚሁ ፕሮፌሰር ጋር ብታስገቢ፣ ውጤቱ ፌብሩዋሪ 2027 ሲመጣ አሥራ ስድስቱ ወር ገና አላለቀም። «አብረን እናስገባ?» ብለሽ ስትጠይቂው የሚሰጥሽ መልስ ራሱ አንድ መለኪያ ነው። ሊያቆይሽ የሚያስብ ሰው ቀን ይቆርጥልሻል። የየዓመቱን መመሪያ ግን ራስሽ አንብቢው፤ ሕጉ ይለዋወጣል።

አሁን ለፕሮፌሰሩ የምትጽፊውን ላርቅቅልሽ። ወደ እንግሊዝኛ ራስሽ መልሺው፤ አታርዝሚው።

«ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ። ለመወሰን አራት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። ለዚህ ቦታ የተያዘው ደመወዝ እስከ የትኛው ቀን ድረስ ነው? ከእኔ በፊት በቦታው ሰው ነበር? ጥናቱ የሚጠቀምባቸው አይሶሌቶች አሁን የት ናቸው፣ የማውጫ ፈቃዳቸውስ ምን ላይ ደርሷል? በጂኖም ሥራው ላይ ቀዳሚ ጸሐፊ እሆናለሁ? ሴፕቴምበር ላይ የማሪ ኩሪ ማመልከቻ አብረን ብናስገባ ደስ ይለኛል።»

ጃንዋሪ 31 ቀን 2028 ብሎ ጽፎ፣ አይሶሌቶቹ እጁ ላይ እንዳሉ ወይም ፈቃዱ መጠየቁን ነግሮሽ፣ ማመልከቻውንም እሺ ካለሽ ሂጂ፤ አሥራ ስድስት ወር በዚህ ሁኔታ በቂ ነው። ለጅማዎቹም እስከዚያ ሁለት ሳምንት ስጡኝ በያቸው፤ ያን ያህል ይጠብቃሉ። መልሱ ቀን ሳይኖረው «አይዞሽ፣ ብዙውን ጊዜ እናራዝማለን» ብሎ ከመጣ ግን የፍሪዘሩን ወረቀት አይተሽ የጅማውን ፈርሚ።